«በእጅህ 15 ሺህ ይደርስሃል» ያለ ቀጣሪ በበጀቱ ላይ ስንት መያዝ አለበት?

በእኛ አካባቢ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ቀጣሪና ባለሙያ ስለ ደመወዝ ሲነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚስማሙት በእጅ በሚገባው ብር ላይ ነው። ባለሙያው «ተቆራርጦ ስንት ይደርሰኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቀጣሪው ቁጥር ይጠራል፤ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ባለሙያው እንዲህ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለውና አስቤዛውን የሚገዛው በሚደርሰው ብር ነውና። ችግሩ የሚመጣው የተጠራው ቁጥር የተጣራ ደመወዝ ሆኖ ሳለ ግብሩም ሆነ የጡረታ መዋጮው የሚሰላው ካልተጣራው፣ ማለትም ከጠቅላላው ደመወዝ በመሆኑ ነው። በመሆኑም አንድ ሰው ከመጨረሻው ቁጥር ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ይኖርበታል። ይህ የኋሊት ስሌት ሲሳሳት በአንድ የሥራ ቦታ ላይ ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ስላየሁ፣ ሌሎች በዚያው መንገድ እንዳያልፉ ያለፍኩበትን እጽፋለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የዱቄት ፋብሪካ ሥራ ስጀምር የጠበቀኝ የመጀመሪያው ከባድ ጉዳይ ይኸው ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ሁላችንም «ሐጂ» የምንላቸው አዛውንት ሲሆኑ፣ በአፋቸው የተናገሩትን በወረቀት ከፈረሙት አሳንሰው የማያዩ ሰው ናቸው። ማሽኖቹን የሚጠግን የኤሌክትሮሜካኒክስ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ሲያስመጡ «በእጅህ 15,000 ብር ይደርስሃል» ብለውት ነበር። እርሱም ይህንን ቃል ይዞ ባለቤቱንና ልጁን አስከትሎ መጣ፣ ቤትም ተከራየ። ከእኔ በፊት የዓመቱን ዕቅድ ያዘጋጀው ሰው ግን ለዚህ የሥራ መደብ በወር የያዘው 19,250 ብር ነበር፤ ፔይሮሉም የተሠራው በዚሁ ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ በተከፈለ ዕለት ባለሙያው ከባንክ የደረሰውን መልእክት በስልኩ ላይ አሳየኝ፤ የገባለት 13,215 ብር ነበር።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እህቴ፣ ሐጂ ያሉኝ ሌላ፣ የገባልኝ ሌላ ነው። እኔ በዚህ ቤት ኪራይ ከፍዬ አልተርፍም፤ ከጎደለ የጎደለበትን ንገሩኝ፣ ካልሆነም ወደመጣሁበት ልመለስ» አለኝ። ሐጂ ጉዳዩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «ልጄ፣ እኔ ቃሌን አላጠፍኩም፤ ያጠፈው ወረቀታችሁ ነው። የጎደለው 1,785 ብር ነው አይደል? ከካዝና አውጪና ስጪው» አሉ። ሐሳባቸው ቅን ነበር፤ ነገር ግን እንዲያ ማድረግ ለምን እንደማይቻል ኋላ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ 19,250 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ነበረብኝ።

የዕቅዱን ወረቀት ሳገላብጥ ነገሩ ግልጽ ሆነ። አዘጋጁ 15,000ን እንደ ጠቅላላ ደመወዝ ቆጥሮ ግብሩን አስልቷል፤ 3,200 ብር ወጣለት። ሰባት በመቶ የጡረታ መዋጮውንም ከ15,000 ላይ አስልቶ 1,050 ብር አገኘ። ከዚያም ሁለቱን ከ15,000 ጋር ደምሮ 19,250 ጻፈ። በችኮላ ለሚያይ ሰው ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ የሚቆረጠው ከተደመረ የሚቀረው 15,000 ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነውና። ይሁን እንጂ ደመወዙ 19,250 ነው ተብሎ ፔይሮሉ ላይ ከተጻፈበት ቅጽበት ጀምሮ ግብሩና መዋጮው የሚሰሉት ከ19,250 እንጂ ከ15,000 አይደለም። የተጨመረው 4,250 ብርም ራሱ ግብር ይከፈልበታል፣ የጡረታ መዋጮም ይቆረጥበታል። የዚያ 4,250 ብር 42 በመቶ 1,785 ብር ነው፤ ከባለሙያው እጅ የጎደለውም ይኸው ነው። የጎደለው ብር ከተጨመረው ብር 42 በመቶ ጋር እኩል ሆኖ ካገኛችሁት ስሕተቱ ይህ ዓይነቱ መሆኑን በዚያ ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ስሌቱ የሚቆምባቸውን ቁጥሮች ላስቀምጥ። ከ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የግብር ሠንጠረዥ መሠረት የወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር አይከፈልበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ ተባዝቶ 300 ብር ይቀነስለታል፤ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 500 ነው፤ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 850፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 1,350፣ ከ14,000 በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ሆኖ ተቀናሹ 2,050 ብር ነው። ለምሳሌ የ20,000 ብር ደመወዝ ግብር 7,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 4,950 ብር ይሆናል። ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ሲሆን፣ የግል ድርጅት የሆነ ቀጣሪ ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ያዋጣል። አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉ፦ የሠራተኛው 7 በመቶ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከደመወዙ ላይ አይነሣም። ግብሩ ከሙሉው ደመወዝ ይሰላል፣ መዋጮውም ከሙሉው መሠረታዊ ደመወዝ ይሰላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው። በሌላ አገር ሕግ የተሠሩ የፔይሮል ቅጾች መዋጮውን አስቀድመው ስለሚያነሡ፣ እነርሱን ገልብጦ የሚጠቀም ሰው ግብሩን አሳንሶ ያገኛል።

አሁን ወደ ኋላ መቁጠር እንችላለን። የባለሙያው ጠቅላላ ደመወዝ ከ14,000 በላይ እንደሚሆን ከወዲሁ ግልጽ ነው። ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ለግብር፣ 7 ሳንቲም ለጡረታ ስለሚሄድ ለእርሱ የሚቀረው 58 ሳንቲም ነው፤ በዚያ ላይ ሠንጠረዡ የሚቀንስለት 2,050 ብር አለ። እንግዲያውስ የተጣራው ደመወዝ የጠቅላላው 58 በመቶ ሲደመር 2,050 ነው ማለት ነው። ስሌቱን ስንገለብጠው መጀመሪያ ከ15,000 ላይ 2,050 እንቀንሳለን፤ 12,950 ይቀራል። ይህንን ለ0.58 ስናካፍል 22,327.59 ብር እናገኛለን። በፔይሮል ላይ ሳንቲም የያዘ ደመወዝ ስለማያምር፣ ደግሞም ቃል ከተገባው በታች እንዳይወርድ፣ ወደ ላይ አጠጋግቼ 22,328 አደረግሁት።

ይህንን ቁጥር ለሐጂ ከማሳየቴ በፊት ወደ ፊት መልሼ አሰላሁት፤ እናንተም ይህችን እርምጃ ፈጽሞ አትዝለሏት። ከ22,328 ብር 35 በመቶው 7,814.80 ነው፤ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 5,764.80 ይሆናል። የጡረታ መዋጮው 1,562.96 ነው። ሁለቱን ከጠቅላላው ስናነሣ 15,000.24 ብር ይቀራል። ወደ ኋላ የተቆጠረ ቁጥር ወደ ፊት ተቆጥሮ መነሻው ላይ ካልደረሰ፣ ሠንጠረዡን ማንም ያዘጋጀው ማንም፣ ደመወዝ አይከፈልበትም።

ሐጂ ቁጥሩን ሲያዩ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። «ለእርሱ 15 ሺህ ለማድረስ 22 ሺህ?» ብለው ጠየቁኝ፤ በጥያቄያቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ ለመረዳት መፈለግ እንጂ። ያስረዳኋቸውም ቁጥሩን በመደርደር ሳይሆን በአንዲት ብር ነው። «ሐጂ፣ እርሱ አንድ ብር በእጁ እንዲጨመርለት ከፈለጉ ፔይሮሉ ላይ አንድ ብር ከ72 ሳንቲም መጨመር አለብዎት፤ ከ72 ሳንቲሙ ውስጥ አብዛኛው ለግብር ነው፣ የቀረው በስሙ ለጡረታ ይቀመጥለታል። በዚያ ላይ ድርጅቱ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲታከል፣ ለእርሱ አንድ ብር ለማድረስ ከእርስዎ የሚወጣው አንድ ብር ከ91 ሳንቲም ነው» አልኳቸው። ቃል የሚገባ ማንኛውም ቀጣሪ ይህችን ቁጥር በቃሉ ቢይዛት መልካም ነው። ከ14,000 ብር በላይ በሚከፈለው የሥራ መደብ ላይ «አንድ ሺህ ልጨምርልህ» ማለት በበጀት ላይ 1,913 ብር ከ79 ሳንቲም መጨመር ማለት ነው።

እንግዲህ የድርጅቱ 11 በመቶ የሚባለው ሁለተኛው ጉድለት ነበር፤ ዕቅዱ ላይ ጭራሽ አልተያዘም። ይህ መዋጮ በሠራተኛው የደመወዝ ወረቀት ላይ ስለማይቆረጥ፣ ስለ ተቀናሽ ብቻ የሚያስብ ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም። በ22,328 ብር ደመወዝ ላይ 2,456.08 ብር ይመጣል። ስለዚህ ባለሙያው በወር 15,000 ብር እንዲያገኝ ከፋብሪካው የሚወጣው 24,784.08 ብር ነው፤ በዓመት 297,408.96። ዕቅዱ የያዘው ደግሞ 19,250 በ12 ወር፣ ማለትም 231,000 ብር ነበር። በአንድ የሥራ መደብ ብቻ ከ66 ሺህ ብር በላይ ክፍተት ተገኘ። በተመሳሳይ መንገድ የተቀጠሩ ሌሎች ሠራተኞችም ስለነበሩ የሁሉንም መልሰን ማስላት ግድ ሆነብን።

አሁን ወደ ካዝናው እመለሳለሁ። የጎደለውን 1,785 ብር በጥሬ ገንዘብ መስጠት የዕለቱን ቅሬታ ያበርድ ነበር። ነገር ግን ያ ብር ለሠራው ሥራ የተከፈለው ስለሆነ ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ ከሆነ ደግሞ ግብር አለበት። ሕጉ ቀጣሪው የሠራተኛውን ግብር ከደመወዙ ሳይቆርጥ በራሱ በሚከፍልበት ጊዜ እንኳ፣ ያ የተከፈለው ግብር በሠራተኛው ገቢ ላይ እንዲደመር ያዛል። ስለዚህ «እርሱ 15 ሺህ ይውሰድ፣ ግብሩን እኔ እችልለታለሁ» የሚል ቀጣሪም የሚደርሰው መልሶ እዚያው ስሌት ላይ ነው፤ አቋራጭ የለውም። ከዚህ በተጨማሪ ከፔይሮል ውጭ የተሰጠው ብር የጡረታ መዋጮ ስለማይገባለት ሠራተኛው ኋላ የሚያገኘውን ያሳጣዋል፤ በወጪ በኩልም በደመወዝ ሰነድ ያልተደገፈ ክፍያ ሆኖ ሒሳብ ሲመረመር ጥያቄ ያስነሣል። ያደረግነው የወሩን ፔይሮል በ22,328 አስተካክለን፣ የ3,078 ብር የደመወዝ ልዩነት አስይዘን፣ ከእርሱ ላይ የሚመለከተውን ግብርና መዋጮ ቆርጠን የተረፈውን ከፈልን። በእጁ የገባው 1,785 ብር ከ24 ሳንቲም ነው። ባለሙያውም ወረቀቱን መስመር በመስመር አይቶ ፈረመ።

ብዙ ሰው ደግሞ ስሌቱን በማሳደድ ሊያገኘው ይሞክራል። 1,785 ጎደለ ተብሎ 1,785 ይጨመራል፤ ተሰልቶ ሲታይ አሁንም 749.70 ይጎድላል፤ ያ ሲጨመር ደግሞ 314.87 ይጎድላል። እያንዳንዱ ጉድለት የቀደመው 42 በመቶ እየሆነ ይሄዳል። ሳያቋርጡ ቢቀጥሉ የኋላ ኋላ 22,327.59 ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ መንገዱ ረዥም ነው እንጂ ሐሰት አይደለም። አደጋው ያለው ሰዎች ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ላይ «ይብቃ» ብለው ስለሚያቆሙ ነው። በተቃራኒው ደግሞ 35 እና 7 ተደምሮ 42 ስለሚሆን 15,000ን በቀጥታ ለ0.58 የሚያካፍሉ አሉ። እነርሱ 25,862.07 ያገኛሉ፤ ሠራተኛውም በእጁ 17,050 ብር ይደርሰዋል። ሠራተኛው ከተባለው በላይ ልክ 2,050 ብር ካገኘ፣ ተቀናሹ ሳይነሣ መካፈሉን ያመለክታል።

ሌላው በጣም የሚያታልለው ነገር የትኛውን የሠንጠረዥ እርከን መጠቀም እንደሚገባ መለየት ነው። ለፋብሪካው የመጋዘን ኃላፊ የተገባው ቃል በእጅ 12,000 ብር ነበር። 12,000 በሠንጠረዡ ላይ ከ10,000 እስከ 14,000 ባለው እርከን ውስጥ ስለሚወድቅ፣ በ30 በመቶና በ1,350 ተሰልቶ 16,904.76 ብር ተይዞለት ነበር። መልሱን ያየ ሰው ግን እዚያው ላይ መንቃት ነበረበት፦ 16,904.76 ራሱ ከ14,000 በላይ ነው፤ ስለዚህ የ30 በመቶው እርከን አይመለከተውም። በትክክለኛው የ35 በመቶ እርከን ሲሰላ 17,155.17 ብር ይሆናል። በስሕተቱ ቢከፈል ኃላፊው በየወሩ 145.24 ብር ይጎድልበት ነበር፤ እንዲህ ያለ አነስተኛ ጉድለት ደግሞ ማንም ሳያነሣው ዓመት ሊያልፈው ይችላል። እርከኑ የሚመረጠው በተጣራው ደመወዝ ሳይሆን በጠቅላላው ነው። ጠቅላላው ደግሞ ገና የምንፈልገው ነገር ስለሆነ፣ ያገኘነው መልስ በተጠቀምንበት እርከን ውስጥ መውደቁን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ይህንን ምርጫ ጨርሶ የሚያስቀር ዘዴ አለ፤ ከዚያ ወዲህ የምጠቀመውም በእርሱ ነው። በስድስቱም እርከኖች ወደ ኋላ አስልቶ ከስድስቱ መልሶች ትልቁን መውሰድ ነው። የግብሩ መጣኔ እርከን በእርከን እየጨመረ ስለሚሄድ ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ትልቁ ነው፤ ትክክል ያልሆነ እርከን ምንጊዜም አሳንሶ ይሰጣል እንጂ አያበልጥም። ለ15,000 ብር ስድስቱን ብታሰሉ 16,129፣ 18,846፣ 19,863፣ 20,809፣ 21,667 እና 22,328 ገደማ ታገኛላችሁ፤ የመጨረሻው ትልቁ ነው። በኤክሴል ላይ ቃል የተገባውን የተጣራ ደመወዝ B2 ላይ ጽፋችሁ የሚከተሉትን በየሕዋሱ አስገቡ።

```
C2: =ROUNDUP(MAX(B2/0.93,(B2-300)/0.78,(B2-500)/0.73,(B2-850)/0.68,(B2-1350)/0.63,(B2-2050)/0.58),0)
D2: =ROUND(MAX(0,C2*0.15-300,C2*0.2-500,C2*0.25-850,C2*0.3-1350,C2*0.35-2050),2)
E2: =ROUND(C2*0.07,2)
F2: =C2-D2-E2
G2: =ROUND(C2*0.11,2)
H2: =C2+G2
```

C2 ጠቅላላው ደመወዝ፣ D2 ግብሩ፣ E2 የሠራተኛው መዋጮ ነው። F2 ወደ ፊት ተቆጥሮ የሚገኘው የተጣራ ደመወዝ ስለሆነ ከB2 ጋር እኩል መሆን ወይም በሳንቲም ብቻ መብለጥ አለበት፤ ካነሰ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ገብቷል ማለት ነው። G2 የድርጅቱ መዋጮ ሲሆን፣ በጀት ላይ የሚጻፈው H2 ነው። ይህ የሚሠራው ደመወዙ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ለሆነና በጡረታ ለሚሸፈን ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ነው። በጡረታ የማይሸፈን የውጭ ዜጋ ከሆነ 7 በመቶው ስለማይቆረጥ፣ 0.93 የነበረው 1፣ 0.58 የነበረው 0.65 እየሆነ እያንዳንዱ አካፋይ በ0.07 ከፍ ይላል፤ 11 በመቶውም ይቀራል።

አበል ሲኖር ስሌቱ በአንድ ነገር ይለወጣል። ግብር የሚከፈልበት አበል፣ ለምሳሌ የኃላፊነት አበል፣ ለግብሩ ሲባል ከደመወዙ ጋር ይደመራል፤ የጡረታ መዋጮው ግን የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ነው። ለባለሙያው ከክፍያው ውስጥ 3,000 ብሩ በአበል መልክ ቢሆን ኖሮ፣ ከአበሉ 65 በመቶው ማለትም 1,950 ብር በእጁ ይገባል። ስለዚህ ከ15,000 ላይ 2,050 እና 1,950 ቀንሰን የቀረውን 11,000 ለ0.58 ስናካፍል መሠረታዊ ደመወዙ 18,965.52 ብር ይሆናል። ከአበሉና ከድርጅቱ መዋጮ ጋር የፋብሪካው ወጪ 24,051.73 ብር ነው፤ በወር ከ700 ብር በላይ ይቀንሳል። ይህንን ያሳየኋቸው ሐጂ ወዲያው ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ፤ አብዛኛው ለሠራተኛው ጡረታ የሚገባው መዋጮ በመቀነሱ እንደሆነ ስነግራቸው «እንግዲያውስ ይቅር» አሉ። እኔም እስማማለሁ። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሆነ የስንብት ክፍያ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ በመሆኑ፣ በእጅ የሚገባው እኩል ቢመስልም አበሉ የበዛበት ሰው ብዙ ነገር ይቀርበታል። ሥራው በእርግጥ አበል የሚያስከፍል ከሆነ ግን ይህ ተገቢ ነው፤ ስሌቱም ከላይ እንዳሳየሁት ይሠራል።

በመጨረሻ ያስተካከልነው የቅጥር ውሉን ነው። በፊት «የወር ደመወዝ የተጣራ 15,000 ብር» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበረበት። በእንዲህ ዓይነቱ ውል ላይ ትርፍ ሰዓት ቢሠራ የሰዓቱ ዋጋ ከየትኛው ቁጥር እንደሚሰላ ለክርክር ክፍት ነው። አሁን ውሉ መሠረታዊ ደመወዙ 22,328 ብር መሆኑን ይገልጻል፤ ከሥሩም ውሉ በተፈረመበት ጊዜ ባለው ሕግ መሠረት የገቢ ግብርና የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 15,000.24 ብር እንደሚደርሰው ተጽፏል። ሠራተኛው በግሉ ያለበት ዕዳ፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ወይም ከድርጅቱ የወሰደው ብድር፣ ቃል ከተገባው የተጣራ ደመወዝ ላይ የሚነሣ እንጂ ቀጣሪው የሚሸፍነው አለመሆኑም ለብቻው ሰፍሯል። ባለሙያው ወጪ መጋራት ነበረበትና ይህ መስመር ባይጻፍ ኖሮ በቀጣዩ ወር ሌላ ቅሬታ ይነሣ ነበር።

«ውሉ በተፈረመበት ጊዜ ባለው ሕግ» የሚለውን ሐረግ ያስገባሁት የግብር ሠንጠረዡ ሲለወጥ የሚሆነውን ስላየሁ ነው። እስከ 2017 ዓ.ም. ሰኔ ድረስ በነበረው ሠንጠረዥ የከፍተኛው እርከን ተቀናሽ 1,500 ብር ስለነበር በእጅ 15,000 ብር የሚያደርሰው ጠቅላላ ደመወዝ 23,275.86 ብር ነበር። ሠንጠረዡ ሲለወጥ ጠቅላላ ደመወዛቸው በውል የተጻፈላቸው ሠራተኞች በእጃቸው የሚገባው ወደ 15,550 ብር ከፍ አለ። የተጣራው ብቻ የተጻፈላቸው ግን እዚያው 15,000 ላይ ቀሩና የግብሩ ቅናሽ የቀጣሪው ሆነ፤ ግብሩ ከፍ ቢል ኖሮ ደግሞ ጭማሪውን የሚሸከመው ቀጣሪው ነበር። የትኛውም ቢመረጥ ችግር የለውም፤ ሁለቱም ወገኖች ሲፈርሙ ማወቅ አለባቸው እንጂ። የድሮውን ሠንጠረዥ የያዘ የኤክሴል ፋይል አሁንም በብዙ ቢሮዎች ውስጥ አለ። ከፍተኛ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ከተባለው በላይ ልክ 550 ብር እያገኘ ከሆነ ጠቅላላው በድሮው ሠንጠረዥ ተሰልቶ ግብሩ በአዲሱ እየተቆረጠ ነው፤ ከተባለው በታች ልክ 550 ብር እየጎደለው ከሆነ ደግሞ ጠቅላላው በአዲሱ ተሰልቶ ግብሩ በድሮው እየተቆረጠ ስለሆነ፣ በትርፍ የተቆረጠው ሳይውል ሳያድር ተስተካክሎ ሊከፈለው ይገባል።